የዮሴፍ አምስተኛ እጅ፤ በስደት ስለምትሠራ እኅት ደመወዝና ስለ ዘመዶቿ ጥያቄ

ከአገራቸው ወጥተው በሳዑዲ ዐረቢያ፥ በኩዌት፥ በሊባኖስና በሌሎችም የዐረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ለንስሓ አባቶቻቸው ደጋግመው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ «አባቴ ሆይ፥ ዘመዶቼ በየሳምንቱ ገንዘብ ላኪ ይሉኛል። ስልክ እጄ ባዶ ይቀራል፤ ሳልልክ ስቀር ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። እንቢ ብል ኀጢአት ይሆንብኛልን?»

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ «አባትና እናትሽን አክብሪ ተብሏልና ላኪ» ይላታል፤ ሌላው ደግሞ «ለራስሽ እወቂ፥ ተያቸው» ይላታል። የፊተኛው ትእዛዙን ያውቃል እንጂ የደመወዟን ልክ አያውቅም። የኋለኛውም ድካሟን ያያል እንጂ የልጅነት ግዴታዋን ይዘነጋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ግን ልኩ ጥያቄው ሲመጣ ሳይሆን አስቀድሞ መወሰን እንዳለበትና፥ አስቀድሞ በቅንነት የተወሰነ ልክ ኅሊናን እንደሚያሳርፍ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ከብዙዎች ሁኔታ የተውጣጣ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንዲት የወሎ ልጅ በሪያድ ከተማ በቤት ሠራተኝነት ተቀጠረች እንበል። ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል፥ ውሏም የ2 ዓመት ነው። እንግዲህ በውሉ ዘመን ሁሉ የምታገኘው ድምር 24,000 ሪያል ይሆናል። ለጉዞዋ ከዘመድና ከጎረቤት ተበድራ ለደላላ የከፈለችው ስላለ የመጀመሪያዎቹ 4 ወሮች ደመወዝ ለዕዳው ሄደ። በቀሩት 20 ወሮች በየወሩ 900 ሪያል እየላከች ለስልክ ካርድና ለሳሙና 100 ሪያል ብቻ አስቀረች። በዚህ አኳኋን ወደ አገር ቤት የገባው ገንዘብ 18,000 ሪያል ነው።

ይህ ገንዘብ ምን ሆነ? ከእርሱ ጥቂቱ ለአባቷ በሬ፥ ለእናቷ መድኀኒትና ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ዋለ፤ ይህም መልካም ነው። የቀረው ግን ለታላቅ ወንድሟ የባጃጅ ቀብድ፥ ለአጎቷ ልጅ ሠርግ፥ ለአያቷ ተዝካር፥ እንዲሁም ቤተ ሰቡ «ልጃችን ትከፍላለች» እያለ ከሱቅ በዱቤ ለወሰደው ዕቃ ሆነ። ባጃጁም ቀብዱ ተከፍሎ ቀሪው ስላልተሟላ ሳይገዛ ቀረ። ውሏ ተፈጽሞ በተመለሰች ጊዜ በስሟ የተቀመጠ አንድ ብር አልነበረም። በ3 ወር ውስጥም የያዘችው ስጦታ አለቀ፤ ጠያቂውም እየቀነሰ ሄደ፤ እርስዋም ያንኑ የስደት መንገድ ዳግመኛ ለመጀመር ተበደረች። በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እያንዳንዱ ዘመድ የጠየቀው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ የሁሉም ጥያቄ የሚገናኘው ግን በእርስዋ እጅ ላይ ብቻ ነበር።

ይህ የአንዲት ሴት ዕድል ብቻ እንዳልሆነ በ2006 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ሲመለሱ ብዙዎቹ ዓመታት ሙሉ ሠርተው ከለበሱት ልብስና ከያዙት ሻንጣ በቀር ጥሪት አልነበራቸውም። የስደት ሥራ በማናቸውም ቀን ሊቋረጥ የሚችል ነው። ስለዚህ የስደተኛን ደመወዝ እንደማይነጥፍ ምንጭ መቍጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በባዕድ አገር ሆኖ ቤተ ሰቡን የመገበ ስደተኛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ዮሴፍ ነው። እርሱ በወንድሞቹ የተሸጠ ሲሆን በራብ ዘመን አባቱንና እነዚያኑ ወንድሞቹን መገባቸው። ይህን ሁላችንም እንሰብካለን። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናልፋለን። የመጀመሪያው፥ ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ አስቀድሞ ለይቶ አስቀመጠ፤ በዘፍጥረት 41ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ። ይህን ባያደርግ ኖሮ ወንድሞቹ በመጡ ጊዜ የሚሰጣቸው ባልነበረው ነበር። ሁለተኛው፥ ዮሴፍ ለቤተ ሰቡ የሰጠው በልክ ነበር፤ በ47ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው እህልን ያደላቸው እንደ ልጆቻቸው ቍጥር ነው። የሰጠው ድምፁ ከፍ ብሎ ለተሰማው፥ ወይም ብዙ ላለቀሰው አልነበረም፤ ለሚበላው አፍ ነበር እንጂ። አስቀድሞ መለየትና በልክ መስጠት፥ እነዚህ ሁለቱ የፍቅር ጉድለት ሳይሆኑ ፍቅር እስከ መጨረሻ እንዲዘልቅ ያደረጉ ነበሩ።

ይህን ሥርዐት በምሳሌያችን ላይ እናውለው። ያች እኅት ለሁለተኛ ጊዜ በሄደች ጊዜ የጉዞዋን ዕዳ ከከፈለች በኋላ 1,000 ሪያሏን እንዲህ ትከፋፍለው። አምስተኛውን እጅ፥ ማለት 200 ሪያል፥ ለመመለሻዋ በስሟ ታስቀምጥ። 100 ሪያል ዐሥራት ታውጣ። 450 ሪያል ለአባቷ፥ ለእናቷና በትምህርት ላይ ላለው ታናሽ ወንድሟ ትላክ። 100 ሪያል ለድንገተኛ መከራ ብላ በእጇ ታቈይ። 150 ሪያል ደግሞ ለስልክ፥ ለልብስና ለሕክምና ለራሷ ታስቀር። ሌላው አሠሪ ቢያበላትና ቢያሳድራትም እንኳ ታማ መድኀኒት መግዣ የምታጣ ሠራተኛ ለቤተ ሰቧም አትተርፍምና የመጨረሻው ክፍል እንደ ቅንጦት አይቈጠር። እንደዚህ ቢሆን በ24 ወሮች ውስጥ ለወላጆቿ 10,800 ሪያል ይደርሳል፤ ለመከራ ቀን 2,400፥ ለመመለሻዋም 4,800 ሪያል ይጠራቀማል። የዕዳውም ወሮች ቢኖሩ ይህ ድምር በዚያው መጠን ይቀንሳል እንጂ ሥርዐቱ አይለወጥም። ይህ አከፋፈል ሕግ ሆኖ ለሁሉ የተጻፈ አይደለም፤ ልጆች ያሏት፥ ወይም ወላጅዋ ብርቱ ሕመምተኛ የሆነባት ሌላ ልክ ታወጣለች። ዋናው ነገር ልኩ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት መወሰኑና የመመለሻው እጅ ከሁሉ አስቀድሞ መለየቱ ነው። በወሩ መጨረሻ የተረፈውን አስቀምጣለሁ የምትል ምንም አይተርፋትም።

የተለየውም ገንዘብ በወንድም ወይም በአጎት ስም አይቀመጥ። መሬትና ቤት በወንድም ስም ተገዝቶ በኋላ ክርክር የተነሣባቸውን ቤተ ሰቦች እኛ ካህናት በሽምግልና እናውቃቸዋለን። ከሁሉ የሚሻለው ከመሄዷ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ሳትከፍት ከሄደች ግን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ለመስጠት ትችላለች። ውክልናውም ሒሳብ ለመክፈትና ገንዘብ ለማስገባት ብቻ ይሁን፤ ገንዘብ የማውጣትና ንብረት የመሸጥ ሥልጣን በውስጡ እንዳይገባ ከመፈረሟ በፊት ታስነብበው።

ልኩ ከተወሰነ በኋላ ለቤተ ሰቡ መነገር አለበት። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በልባቸው ወስነው ለማንም ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ጥያቄ ሲመጣ «እስቲ እናያለን» ይላሉ። ይህች «እናያለን» የምትባል ቃል ለተናጋሪዋ እንቢታ ናት፤ ለሰሚው ግን ተስፋ ናት። ዘመዱ ተስፋውን ይዞ ይበደራል፥ ቀን ይቈርጣል፥ በኋላም «ከዳችኝ» ይላል። እንደዚሁም በእጇ እያለ «የለኝም» ማለት ሐሰት ስለ ሆነ ኅሊናን ያቈስላል። እውነተኛው ቃል «ለዚህ ጉዳይ የመደብሁት የለኝም» የሚለው ነው። ይህም ሐሰት የለበትም፥ ተስፋም አይሰጥም።

ለወላጆቿ የምትልከው ቃል ይህን ቢመስል መልካም ነው፤ «አባዬ፥ እማዬ፥ እንደምን ሰነበታችሁ። የወር ደመወዜ 1,000 ሪያል መሆኑን እስከ ዛሬ ስላልነገርኋችሁ ይቅር በሉኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ ደመወዜ በተከፈለኝ ሳምንት 450 ሪያል እልክላችኋለሁ፤ ለምግባችሁ፥ ለመድኀኒታችሁና ለወንድሜ ትምህርት ነው። ደመወዝ የቀረብኝ ወር ግን ልልክ አልችልም። ለድንገተኛ ሕመምና ለቀብር ብዬ ያስቀመጥኋት ጥቂት አለችኝ፤ ስታልቅ አለቀች እላችኋለሁ። በእኔ ስም ከሱቅም ሆነ ከሰው የተወሰደ ብድር አልከፍልም። ዘመድ ቢጠይቅ ይህንኑ ንገሩልኝ። የማስቀምጠው ወደ እናንተ የምመለስበት ቀን እንዲቀርብ ብዬ ነው።» በዚህ ቃል ውስጥ የደመወዙ ልክ በግልጽ መነገሩን ልብ እንበል። ዘመዶች ያለ ልክ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ልኩን ስለማያውቁ ነው። እኅቶቻችንም ድካማቸውን ደብቀው በአሠሪያቸው ሳሎን ተጊጠው የተነሡትን ፎቶግራፍ ብቻ ስለሚልኩ የማያውቀው ዘመድ ሳሎኑን የእርሷ አድርጎ ያየዋል።

ሒሳቡ በሪያል መነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዶላር ጋር የታሰረው ሪያልም እንዲሁ በብር ሲመነዘር ከፍ አለ። ያን ጊዜ በአገር ቤት «ገንዘብሽ እጥፍ ሆነ፤ ጨምሪ» የሚል ጥያቄ በዛ። ነገር ግን የሠራተኛዋ ደመወዝ 1,000 ሪያል እንደ ነበረ ነው። በሪያል የተወሰነ ልክ ምንዛሪው ሲጨምር ለወላጆች የሚደርሰውን ብር ራሱ ይጨምረዋልና ሌላ ጭማሪ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ልኩ ከተነገረ በኋላ ወዲያው ሰላም ይሆናል ብለን አናታልላትም። በመጀመሪያዎቹ ወሮች ጥያቄው ይበረታል። «ረሳሽን»፥ «ልብሽ እንደ ዐረቦቹ ሆነ» የሚሉ ቃላት ይመጣሉ፤ ስልክ የማያነሣ ዘመድም ይኖራል። በራሱ እንቢ የተባለ ሰውም እናትን ያስለቅስና በእርሷ አፍ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ሥርዐቱን የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለአንዱ በምስጢር መጨመር ነው። በገጠር ምስጢር አይቈይምና ሁሉም «ለካ አላት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የልኩን ቃል የሚያምን የለም። ሕመም ነው የተባለ እንደ ሆነ ግን በጥርጣሬ ልቧን አትዝጋ። ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደ ሄዱ፥ ምን መድኀኒት እንደ ታዘዘ ትጠይቅ፤ ቢቻል የማዘዣው ወረቀት ፎቶግራፍ ይላክላት። በእውነት የታመመ ሰው ዘመድ ይህን ለመናገር አይከብደውም፤ ብዙ ጊዜ በጥያቄው የሚቈጣው ሕመም የሌለበት ነው።

አሁን ወደ ኅሊና ወቀሳ እንምጣ። እምነት ያላት ልጅ የምትፈራው ሦስት ነገር ነው፤ ትእዛዝን ማፍረስ፥ ምጽዋትን መከልከልና የወላጅ እርግማን። ስለ ትእዛዙ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል 7ኛ ምዕራፍ በመባ ስም ወላጆቻቸውን የማይረዱትን ገሥጿል። ስለዚህ ልክ አወጣሁ ብላ ወላጆቿን የምታስርብ ልጅ ከዚህ ተግሣጽ አታመልጥም፤ እኛም 450ውን ሪያል ከዐሥራቱ አስበልጠን ያስቀመጥነው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ወላጅን መርዳት አንድ ነገር ነው፤ የአጎትን ልጅ ሠርግ መደገስ ሌላ ነገር ነው። ትእዛዙ የተነገረው ስለ ፊተኛው ነው።

ስለ ምጽዋትም ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ስጦታ የሚለካው ሰው ባለው መጠን እንደ ሆነ፥ ሌላው አርፎ ሰጪው እንዲጨነቅ እንዳልሆነ ያስተምራል። በ9ኛውም ምዕራፍ በኀዘንና በግድ የሚሰጥ ስጦታን አይፈልግም። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ያሉትን ልባሞች ደናግልም እናስብ። ዘይት በተለመኑ ጊዜ ለሁላቸው እንደማይበቃ ተናግረው ከሻጮች እንዲገዙ አመለከቱ። ስለዚህ ነገር አልተወቀሱም፤ ወደ ሠርጉም ገቡ። ለማካፈል የሚቻል ነገር አለ፤ ቢካፈል ለሁለቱም የሚጠፋ ነገርም አለ። የመመለሻ ገንዘብ እንደዚያ ዘይት ነው።

ስለ እርግማንም በምሳሌ መጽሐፍ 26ኛ ምዕራፍ ያለ ምክንያት የሆነ እርግማን በሰው ላይ እንደማያርፍ ተጽፏል። ስለዚህ የቀረባትን ሸክም ትታ ሦስት ጥያቄ ራሷን ትጠይቅ። ቃል ገብቼ አፍርሻለሁን? ወላጆቼ የዕለት ምግብና መድኀኒት አጥተው እኔ እያለኝ ነፍጌአቸዋለሁን? ያስቀረሁት ለታይታ ነውን? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎን» ብትል ንስሓ ትግባ፥ ታስተካክል። ለሦስቱም «አይደለም» የምትል ከሆነ በልቧ የተሰማት ነገር ኀጢአት አይደለም፤ የወገን ኀዘን ነው። ኀዘን በገንዘብ ሳይሆን በጸሎት ይሸኛል።

ይህ ልክ ደግሞ የማይነካ ግንብ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በወሎ በደረሰ ጊዜ ቤቱ የተዘረፈ፥ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን ብዙ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የመመለሻዋን እጅ ሳይቀር ልትሰጥ ትችላለች። ግን «ለ3 ወር» ብላ የመጨረሻውን ቀን በመጀመሪያው ቀን ትናገር፤ ቀኑም ሲደርስ ወደ ልኩ ትመለስ። ማብቂያ ያልተነገረለት ርዳታ በአራተኛው ወር መብት ይሆናል።

በመጨረሻ ለእኛ ለካህናት የሚነገር ቃል አለ። የዚች ልጅ ስልክ ዘመድ ብቻ የሚደውልበት አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ፥ ለደጀ ሰላም ግንብ፥ ለንግሥ በዓል ድግስ እየተባለ ከእኛ ወገን የሚላክላት ጥያቄም ጥቂት አይደለም፤ እርስዋም የንስሓ አባቷን ቃል እንቢ ለማለት ከሁሉ ይልቅ ትፈራለች። ዐሥራቷን ከሰጠች በኋላ ሌላ ልንጭንባት አይገባም። ይልቅስ የሚገባን ሥራ በአገር ቤት ያለው ነው። አባቷን በቤታችን አስጠርተን የልጁን ደመወዝ ከእነ ድርሻው እናስረዳው፤ በእርሷ ስም የሚወሰደውን የሱቅ ዱቤ ያስቆም ዘንድ እንምከረው። ተዝካርና ሠርግ በዕዳ እንዳይደገስ የምንናገረው እኛ ነን፤ የአባት ምክር ከደጋሹ ጆሮ ቢደርስ ከሪያድ የሚመጣ እንቢታ ባላስፈለገ ነበር። እርስዋ በሩቅ ሆና ብቻዋን የምትሸከመውን «አይሆንም» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እርስዋ ሆነን ብንናገርላት፥ ያን ሌሊት እንቅልፏን በሰላም ትተኛለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።